ካርዱ 96 ይላል፣ የሚሸጠው ግን 49 ነው

ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚለምደው ቃል «አለ» ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ናሙና በጣቱ ይነካና «ይሄ አለ?» ይላል። ሠራተኛው የዕቃው ብዛት የሚጻፍበትን ካርድ ያያል፣ ወይም አንገቱን አስግጎ ወደ መጋዘኑ ያያል፣ ካርቶኑ ተደርድሯል፣ «አለ» ይላል። ሱቁ ከደንበኛ ጋር የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቃል ነው። ምክንያቱም በእኛ ሥራ «አለ» ሦስት ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ አለ፣ ልንሸጠው የምንችለው አለ፣ እየመጣ ያለ አለ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ወይ የሰው ዕቃ ይሸጣል፣ ወይ ያለ ዕቃ «የለም» ይባላል።

እዚህ የምናስረዳው አዳማ ውስጥ በሴራሚክ ሱቅ የምንሠራበትን መንገድ ነው። ሴራሚክን የመረጥነው ሦስቱ ቁጥሮች በጣም የሚራራቁበት ዕቃ ስለሆነ ነው። ደንበኛው ዛሬ ይገዛል፣ የግድግዳው ልስን ስላልደረቀ የሚወስደው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዕቃው ይሰበራል። ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ከካርቶን ካርቶን ይለያያል። ጭነቱም ከአዲስ አበባ ወይም ከሞጆ «ዛሬ ይገባል» እየተባለ ይከርማል። በሴራሚክ የገባው ሰው ቀለምም ቧንቧም ቆርቆሮም ላይ አይቸገርም።

መጀመሪያ ስማቸውን እንስጣቸው። ሱቃችንና መጋዘናችን ውስጥ በዓይን የሚታየው፣ በእጅ የሚቆጠረው ሁሉ «በእጅ ያለ» ይባላል። ከእሱ ውስጥ የማንም ያልሆነው፣ ደህና የሆነውና አሁን ለሚመጣ ሰው ልንሰጠው የምንችለው «ነፃ» ነው። ከአቅራቢ ጠይቀነው ገና በእኛ እጅ ተቆጥሮ ያልገባው ደግሞ «የታዘዘ» ነው። ቆጠራ የሚያደርግ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይጠይቃል። ባንኮኒ ላይ የቆመ ሻጭ ሁለተኛውን ብቻ ያያል። ሦስተኛው በዋናነት ዕቃ የሚያዝዘው ሰው ነው የሚፈልገው፤ ሻጭ ሲነካው በጥንቃቄ ነው።

አሁን አንድ ዕቃ ይዘን ከሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ማታ እንከተለው። ዕቃው ክሬም ቀለም ያለው የወለል ሴራሚክ ነው፣ ስልሳ በስልሳ። አንዱ ካርቶን 4 ፍሬ ይይዛል፤ አንዱ ፍሬ 0.36 ካሬ ስለሚሸፍን ካርቶኑ 1.44 ካሬ ይሆናል። ይህን 1.44 በቃል መያዝ ያስፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ካርዱ 96 ካርቶን ይላል። ሲቆጠርም ልክ ነው፤ 10 ሱቁ ውስጥ፣ 86 ከጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ። በእጅ ያለው እንግዲህ 96 ነው። የተያዘ ዕቃ መዝገቡ ሲገለጥ ግን ሁለት ሰዎች አሉበት። አንዱ የ24 ካርቶን ሙሉ ሂሳብ ከፍሎ ቅዳሜ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ተናግሯል። ሌላዋ ለ18 ካርቶን ቀብድ ሰጥታ እስከ ቅዳሜ ይቆይልኝ ብላለች። ከዚህ ሌላ 4 ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ፍሬ አለ፣ 1 ካርቶን ደግሞ ለናሙና ተከፍቶ ከፊሉ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከ96 ላይ 24፣ 18፣ 4 እና 1 ሲነሳ 49 ይቀራል። ካርዱን ብቻ አይቶ «አለ» ያለ ሠራተኛ የሌለውን 47 ካርቶን ለመሸጥ በሩን ከፍቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ ሰው ከሁሉም በላይ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ ጥቂት እንቆይበት። ያ የ24 ካርቶን ሰውዬ ሙሉ ሂሳብ ከፍሏል፣ ደረሰኝ ተቆርጦለታል። ታዲያ ዕቃው ከካርዱ ላይ መቼ ነው የሚቀነሰው? ደረሰኙ ሲቆረጥ ነው ወይስ ካርቶኑ ከመጋዘን ሲወጣ? ሁለቱም መንገድ ይሠራል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ቁጥሩ ይሞታል። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሠራተኛ ካርዱን 96 ከነበረበት ወደ 72 ቢያወርደው፣ ከዚያ መዝገቡን ያየ ሌላ ሠራተኛ «24 የተያዘ አለ» ብሎ እንደገና ቢቀንስ፣ አንድ ዕቃ ሁለቴ ተቀነሰ። ነፃው 49 መሆኑ ቀርቶ 25 ይሆናል፤ 30 ካርቶን የፈለገ ደንበኛ «አልቋል» ተብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ዕቃው ግን እዚያው ቆሟል።

እኛ የያዝነው መንገድ ካርዱ የሚቀነሰው ካርቶኑ በር ሲያልፍ ብቻ ነው የሚለውን ነው። የተከፈለም ቢሆን ያልወጣ ዕቃ በካርዱ ላይ በእጅ ያለ ነው፣ በመዝገቡ ላይ የተያዘ ነው። ይህን የመረጥነው ለቆጠራ ስለሚመች ነው። ስቶር ኪፐሩ መጋዘን ገብቶ ሲቆጥር የሚያገኘው ቁጥርና የካርዱ ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ የተሸጠው ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ «ትርፍ» ያገኝ ነበር፣ ያ ትርፍ ደግሞ እውነተኛ ስህተትን ይሸፍናል። ሌላ ሱቅ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፤ «የተከፈለበት ያልወጣ ዕቃ ካርዱ ላይ አለ ወይስ ወርዷል?» መልሱን ሳታውቁ ምንም ቁጥር አትመኑ።

የተያዘ ዕቃ በመዝገብ ብቻ መያዝ አይበቃውም፣ በቦታም መለየት አለበት። 24ቱ ካርቶን ለብቻው ተደርድሮ የደረሰኙ ቁጥር፣ ብዛቱና የሚወሰድበት ቀን በወረቀት ይለጠፍበታል። ወረቀት የሌለው ክምር በሥራ ግርግር መሃል ነፃ ይመስላል፤ ጫኝ ልጆቹ ለበሩ ከሚቀርበው ነው የሚያነሱት። የሚለጠፈው ደግሞ ከላይ ባለው ካርቶን ላይ ሳይሆን ከታች ባለው ጎን ላይ ይሁን። የላዩ ቀድሞ ይነሳል፣ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል።

የተሰበረውን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ስልሳ በስልሳ ካርቶን ተኝቶ ከተደረደረ የታችኛው ይሰነጠቃል፤ በጠርዙ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ስንጥቁ ከውጭ ስለማይታይ ካርቶኑን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ የተሰበረ ያለበት ይንኳኳል። አንድ ፍሬ የተሰበረበት ካርቶን ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይደለም። አራቱ ካርቶን ውስጥ በድምሩ 5 ፍሬ ተሰብሮ ከሆነ 11 ደህና ፍሬ አለ፣ ሁለት ሙሉ ካርቶንና ሦስት ፍሬ ይወጣዋል። ግን ተከፍቶ፣ ተለይቶ፣ እንደገና እስኪታሸግ ድረስ ነፃ አይባልም። ለያዝነው ምሳሌ አራቱንም እንደተቀነሱ እንተዋቸው።

እንግዲህ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛ ገባ እንበል። የሳሎን ወለል ነው፣ 45 ካሬ። «ወንድሜ፣ ይሄ ክሬሙ አለ? ለ45 ካሬ ይበቃኛል?» ይላል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለመቁረጫና ለመሰበሪያ 10 በመቶ ሲጨመር 49.5 ካሬ ይሆናል። ለ1.44 ሲካፈል 34.4 ገደማ ይመጣል፣ ግማሽ ካርቶን ስለማንሸጥ 35 ካርቶን ነው። ነፃው 49 ነው፣ የሚፈልገው 35። አዲስ ሠራተኛ እዚህ ላይ ደስ ብሎት «አለ፣ ይበቃዎታል» ሊል ነው።

አይበቃም። የካርቶኑን ጎን አንብቡ። ከስሙና ከልኩ ሌላ ፋብሪካው ሼድና ካሊበር ብሎ የሚያትማቸው አሉ። ሼድ የቀለሙ ድምፀት ነው፤ አንዱ ቀን የተጋገረው ክሬም ከሌላው ቀን ክሬም ጥቂት ይደምቃል ወይም ይፈዛል። ለየብቻ ሲያዩት አይታወቅም፣ አንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ግን በመስኮት ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይለያል። ካሊበር ደግሞ ትክክለኛ ልኩ ነው። ስልሳ በስልሳ የተባለው ፍሬ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል፣ የተለያየ ካሊበር ከተደባለቀ መስመሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ሠሪውም በእኛ ላይ ይጮኻል፤ እውነቱንም ነው።

የእኛ 96 ካርቶን ሁለት ሼድ ነው። 61ዱ ቀድሞ የገባው ነው፣ 35ቱ ከዚያ በኋላ የመጣ። የተከፈለበት 24፣ የተሰበረው 4 እና ናሙናው 1 ከመጀመሪያው ሼድ ናቸው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሼድ ነፃው 32 ነው። ቀብድ የተሰጠበት 18 ከሁለተኛው ነው፣ ከሁለተኛው ነፃው 17 ነው። 32 እና 17 ሲደመር 49፣ ልክ ነው። ለአንድ ሳሎን ግን 49 የሚባል ነፃ ዕቃ የለንም፤ ያለን 32 ወይም 17 ነው። ለዚህ ነው ሴራሚክ ላይ ነፃ ዕቃ በሼድ የሚጻፈው፤ ድምሩ ባንኮኒው ላይ ምንም አይጠቅምም።

32 ካርቶን 46.08 ካሬ ይሸፍናል። ክፍሉ 45 ስለሆነ «ይደርሳል» ብሎ የሚሞክር ሻጭ አይጠፋም። የቀረው ትርፍ ግን 1.08 ካሬ ነው፣ 3 ፍሬ ማለት ነው። አራት ጥግና በር ያለው ሳሎን በሦስት ፍሬ መቁረጫ አያልቅም። ሥራው መሃል ላይ ቆሞ «ሁለት ካርቶን ብቻ ጨምሩልኝ» ተብሎ ሲመጣ ያ ሼድ አይኖርም። ስለዚህ ለደንበኛው የሚባለው እውነቱ ነው፤ «ከአንድ ዓይነት ቀለም 32 ካርቶን ነው ያለኝ፣ ለእርስዎ 35 ያስፈልጋል። ሌላ 17 አለኝ፣ ቀለሙ ግን ጥቂት ይለያል፣ ለሳሎኑ አልመክርዎትም። ሐሙስ የምጠብቀው ጭነት አለ፣ ከእሱ ሙሉውን ከአንድ ሼድ ላስቀምጥልዎት እችላለሁ።» ቢቻል ሁለቱን ፍሬ አውጥቶ ከደጅ፣ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ማሳየት ነው። አምፖል ሥር ልዩነቱ ይደበቃል።

አሁን ወደ ታዘዘው መጣን። ከአዲስ አበባ አስመጪ 150 ካርቶን አዝዘናል፣ ሐሙስ ይገባል ተብሏል። አዲስ ሠራተኛ ይህን 150 እንደ አንድ ነገር ያየዋል፤ እሱ ግን እንደ ደረጃው ይለያያል። በስልክ «150 ያዝልኝ» ከተባለ ገና ወሬ ነው፤ አስመጪው ገንዘብ ይዞ ለመጣ ይሰጠዋል። ፕሮፎርማ ተልኮ ክፍያው ከገባ ትዕዛዝ ሆነ። መኪና ተጭኖ የሾፌሩ ስልክ ከደረሰን መንገድ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመጣ አይሱዙ በሰዓታት ውስጥ ስለሚደርስ ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ጥቂት ነው። በብዛት የሚዘገየው መንገዱ ላይ ሳይሆን ከመጫኑ በፊት ነው፤ መኪና ይጠፋል፣ መጋዘኑ ላይ ወረፋ ይሆናል፣ ሰነድ ይጎድላል። በዚህ ምክንያት መዝገባችን ላይ ከቁጥሩ ጎን «በስልክ»፣ «የተከፈለ» ወይም «የተጫነ» ብለን እንጽፋለን። «በስልክ» ያለውን ለደንበኛ በጭራሽ አንጠራም።

ሞጆ ላይ የሚፈጠር ስህተትም አለ። ከጂቡቲ የመጣ ኮንቴነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲገባ «ዕቃው ሞጆ ደርሷል» ይባላል፣ ሞጆ ደግሞ ለአዳማ ቅርብ ስለሆነ ሠራተኛው ነገ ይገባል ብሎ ያስባል። ርቀቱ ለጊዜው ምንም አይናገርም። የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ አልቆ፣ ኮንቴነሩ ተለቆ፣ ዕቃው እስኪራገፍ ድረስ ሞጆ ያለ ዕቃና ጂቡቲ ያለ ዕቃ ለሻጭ አንድ ናቸው። መጠየቅ ያለበት «የት ደረሰ?» ሳይሆን «ተለቋል ወይ?» ነው።

የእኛ 150 ካርቶን የተከፈለበት ነው። ግን ከእሱም ላይ ነፃው 150 አይደለም። ባለፈው ሳምንት የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ከሚመጣው 40 ካርቶን ብሎ ቀብድ ሰጥቷል። ስለዚህ ከታዘዘው ላይ ያልተያዘው 110 ነው። የሳሎኑ ደንበኛ 35 ሲይዝ 75 ይቀራል። ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በእጅ ላለው የተያዘ መዝገብ ይኖረዋል፣ ለሚመጣው ግን አይኖረውም፣ ቃሉ በሻጩ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ሁለት ሻጭ ካለ ያው 150 ሁለቴ ይሸጣል። አንድ መዝገብ በቂ ነው፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ከእጅ» ወይም «ከሚመጣው» የሚል አንድ ቃል ይጻፍበት።

ከሚመጣው ላይ ሁሉንም ቃል አንገባም። ቢያንስ ከአሥር አንዱን እንተዋለን፤ ከ150ው 15 ካርቶን ለማንም አይጠራም። ለምን እንደሆነ ሐሙስ ላይ ይታያል።

በነገራችን ላይ ቀብድ የተቀበሉበትን ዕቃ ለሌላ መሸጥ ይቅርታ ተጠይቆ የሚያልፍ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። 5,000 ብር ተቀብለን ዕቃውን ለሌላ ብንሸጥ 10,000 ብር እንመልሳለን ማለት ነው። ስለዚህ የቀብድ ደረሰኝ ላይ ብዛቱ በካርቶን፣ ሼዱ፣ «ከእጅ» መሆኑ ወይም «ከሚመጣው»፣ እና የሚወሰድበት የመጨረሻ ቀን ይጻፋል። ቀኑ ለእኛም ይጠቅማል። ቀን የሌለው ቀብድ ነፃ ዕቃን ለወራት ቆልፎ ይይዛል፤ ማንም የማይወስደው 18 ካርቶን መጋዘን ይዞ ተቀምጦ ሻጩ «የለም» እያለ ደንበኛ ይመልሳል። ቀኑ ሲያልፍ በራስ መፍረድ አይገባም፣ ደውሎ መጠየቅና የተባለውን መዝገቡ ላይ መጻፍ ነው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከመጀመሪያው ሼድ 20 ካርቶን ተሸጦ ወጣ እንበል። በእጅ ያለው 76 ሆነ፣ ነፃው 29። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናው በር ላይ ቆመ። አሁን ከሁሉ የሚያጣድፈው ሰዓት ነው፤ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ጫኝና አውራጆቹ ጀምረዋል፣ አንድ ደንበኛ ደግሞ መኪናው ላይ ያለውን አይቶ «ከዚሁ ስጡኝ» ይላል። መኪና ላይ ያለ ዕቃ በዓይናችን ብናየውም የታዘዘ ነው እንጂ በእጅ ያለ አይደለም። በእጅ የሚሆነው ወርዶ፣ ተቆጥሮ፣ ሼዱ ታይቶ፣ መረካከቢያው ላይ ሲፈረም ነው። ከመኪና ላይ በቀጥታ 10 ካርቶን ለደንበኛ ከተሰጠ በኋላ ከአስመጪው ጋር የሚደረገው ክርክር መጨረሻ የለውም፣ ጎደለ ስንል «እናንተው ሸጣችሁ» ይባላል።

ሲቆጠር 144 ካርቶን ወረደ፣ 6 ጎደለ። ከወረደው 3 ይንኳኳል። መረካከቢያው ላይ «144 ተረክበናል፣ 3 የተሰበረ አለበት፣ 6 ጎድሏል» ተብሎ በሾፌሩም በእኛም ይፈረማል፤ 150 ብሎ ፈርሞ በኋላ መደወል አይሠራም። የተሰበረው 3 ከ144 ውስጥ ነው፣ ቤታችን ስለገባ በእጅ ያለ ነው፣ ነፃ ግን አይደለም።

አሁን ቁጥሩን እንዝጋ። በእጅ ያለው 76 እና 144፣ 220 ነው። የተያዘው 24፣ 18፣ 40 እና 35፣ በድምሩ 117። የተሰበረው 7፣ ናሙናው 1። ነፃው 95 ነው። በሼድ ሲለይ ከመጀመሪያው 12፣ ከሁለተኛው 17፣ ከአዲሱ 66። ሦስቱ ሲደመር 95 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስተናልና ያኔውኑ ይፈለጋል። የ40ውና የ35ቱ ደንበኞች መዝገብ ላይ «ከሚመጣው» የሚለው ተሰርዞ «ከእጅ» ይጻፋል፣ ካርቶናቸውም ተለይቶ ወረቀት ይለጠፍበታል። ይህ በዚያው ማታ ካልተደረገ ዓርብ ጠዋት የገባ ሠራተኛ ከአዲሱ ሼድ 141 ደህና ካርቶን ያያል፣ ሁሉንም ነፃ ያደርገዋል። አሁን እንመልከት፤ ከሚመጣው ላይ 150ውንም ቃል ገብተን ቢሆን ኖሮ 9 ካርቶን ለአንድ ሰው ይጎድልበት ነበር። የተውነው አሥር በመቶ ለዚህ ነበር።

የጎደለው 6 ካርቶን ትንሽ ይመስላል፣ መዝገቡ ላይ ግን ወሳኝ ነው። ሁለት ምርጫ አለው። አስመጪው በሚቀጥለው ጭነት እልካለሁ ካለ የታዘዘ 6 ሆኖ ይቆያል፣ ገንዘቡን ከመለሰ ወይም ከሌላ ሂሳብ ጋር ካቻቻለ ይሰረዛል። የማይመጣ ትዕዛዝ ሳይሰረዝ ሲቀር ነው አደጋው። 6 ዛሬ፣ 10 ከዚያ በፊት የቀረ፣ 8 ከሌላ ጊዜ፣ 24 የሞተ ካርቶን «የታዘዘ» ተብሎ ይቀመጣል፤ ዕቃ የሚያዝዘው ሰው እየመጣ ያለ መስሎት ይዘገያል።

ምን ያህል እንደሚዘገይ ለማየት የማዘዣውን ሂሳብ መረዳት ነው። ይህ ዕቃ በቀን በአማካይ 12 ካርቶን ይወጣል፣ ከታዘዘ በኋላ እስኪገባ 5 የሥራ ቀን ይፈጃል እንበል። በ5 ቀን 60 ይሸጣል፤ ጭነት ቢዘገይ መጠባበቂያ 30 ብንጨምር 90 ላይ ስንደርስ እናዝዛለን። ግን 90ውን ከየትኛው ቁጥር ጋር ነው የምናወዳድረው? በእጅ ካለው 96 ጋር ብናወዳድረው ሰኞ ዕለት «ገና ነን» እንላለን፣ 47ቱ የሚሸጥ እንዳልሆነ ሳናስብ። ከነፃው 49 ጋር ብቻ ብናወዳድረው ደንግጠን ሌላ 150 እናዝዛለን፣ ያው ሐሙስ ሁለት ጭነት ተደራርቦ መጋዘን ይጠበናል፣ ገንዘባችንም ወለል ላይ ይተኛል። የሚወዳደረው ነፃው ላይ ከታዘዘው ያልተያዘው ተደምሮ ነው። ሰኞ ጠዋት 49 እና 110፣ 159 ነበር፤ ማዘዝ አያስፈልግም ነበር። ከላይ ያልናቸው 24 የሞቱ ካርቶኖች ቢገቡበት ደግሞ ቁጥሩ በዚያው ልክ ያብጣል፣ በቀን 12 ለሚወጣ ዕቃ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን አዘግይቶ ያሳዝዛል ማለት ነው።

ሻጭና አዛዥ አንድ ቁጥር እየተመለከቱ የሚጨቃጨቁት ለዚህ ነው። ሻጩ የታዘዘውን አይደምርም፤ አዛዡ ይደምራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጥያቄያቸው ነው የተለየው።

ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ይህን በኤክሴል በአንድ መስመር ሊይዘው ይችላል። ለእያንዳንዱ ሼድ አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ በእጅ ያለው B፣ ከእጅ የተያዘው C፣ የተሰበረው D፣ ናሙናው E፣ የታዘዘው F፣ ከሚመጣው የተያዘው G አምድ ላይ ይጻፋል። ነፃው H ላይ፣ ለማዘዣ የሚታየው I ላይ በራሱ ይወጣል፦

```
H2: =B2-C2-D2-E2
I2: =H2+F2-G2
```

H አምድ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ከታየ የሌለ ዕቃ ቃል ተገብቷል፣ ወይም የተያዘው ዕቃ ከበር ሲወጣ B ተቀንሶ C ሳይቀነስ ቀርቷል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። ደንበኛው ቅዳሜ መጥቶ 24ቱን ሲወስድ ሁለት ቦታ ነው የሚነካው፤ በእጅ ያለውም የተያዘውም በ24 ይወርዳሉ፣ ነፃው ባለበት ይቆያል። የተያዘ ዕቃ ሲወጣ ነፃው ከተነቃነቀ አንዱ ተረስቷል።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የመለኪያው ነው። ደንበኛ በካሬ ያወራል፣ ካርዱ በካርቶን ነው፣ ሠሪው በፍሬ ይቆጥራል። አንዱ ሠራተኛ መዝገቡ ላይ «50» ብሎ ይጽፋል፣ 50 ካሬ ማለቱ ነው፤ 35 ካርቶን መሆኑ ነው። ሌላው 50 ካርቶን አድርጎ ይለየዋል፣ 15 ካርቶን ያለ ጥፋቱ ይታሰራል። መዝገቡና ካርዱ ላይ የሚጻፈው በካርቶን ብቻ ይሁን፣ ካሬው ደንበኛው ፊት በወረቀት ይሠራና እዚያው ይቀር።

ማታ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉንም ዕቃ መቁጠር አያስፈልግም። በዕለቱ የተነካውን ዕቃ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓይነት አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ አለ፤ ክምሩ ሲቆጠር ከካርዱ ጋር ይገጥማል ወይ፣ የተያዘ ወረቀት የተለጠፈባቸው ክምሮች ድምር ከመዝገቡ «ከእጅ» ጋር ይገጥማል ወይ፣ መረካከቢያ የተፈረመበት ትዕዛዝ ከታዘዘው ላይ ወርዷል ወይ። የመጀመሪያው ካልገጠመ ዕቃ ወጥቶ ሳይጻፍ ቀርቷል ወይም ተሰብሮ ተጥሏል፣ በዚያው ቀን ከደረሰኙ ጋር እያመሳከሩ ቢፈለግ ይገኛል። ሁለተኛው ካልገጠመ አንድ ሰው ከተያዘ ክምር ላይ አንስቷል፣ ደንበኛው ሳይመጣ ከተመሳሳዩ ሼድ ይተካለታል፤ ሼዱ ካለቀ ዛሬውኑ ይደወልለታል። ሦስተኛው ካልገጠመ ነገ ጠዋት ሻጩ ቤት የገባውን ዕቃ «ሐሙስ ይመጣል» ይላል፣ ካርቶኑ ከጀርባው ቆሞ።